እብጠትና ራስ ምታት በእርግዝና፦ የተለመደው የት ላይ ያበቃል?

ማቅለሽለሽ፣ ቃር፣ ድካም፣ የወገብ ሕመምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ ማለት ይቻላል የምታውቃቸው ስሜቶች ናቸው፤ ቢያማርሩም አብዛኛውን ጊዜ አደጋ የላቸውም። ማቅለሽለሹም ቢሆን የሚያሳስበው የተጠጣው ውሃ ሳይቀር ተመልሶ ሲወጣና ሽንት ሲያጥር ነው። ለመለየት የሚያስቸግሩት እብጠትና ራስ ምታት ናቸው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ምንም አይደሉም፤ አንዳንዴ ግን ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው፣ ከደም ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣው የእርግዝና ሕመም ራሱን የሚያሳየው በእነሱ ነው።

በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው ደም ከወትሮው በግማሽ ያህል ይጨምራል። እያደገ የሚሄደው ማህፀን ደግሞ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሱትን የደም ሥሮች ይጫናቸዋል። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት ማታ ቁርጭምጭሚቷ ቢያብጥና ጫማዋ ቢጠብባት የሚገርም አይደለም። ያበጠው ቦታ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቆያል፤ እግሯን ከፍ አድርጋ ስትተኛ ግን ጠዋት ቀንሶ ይገኛል። አሳሳቢው እብጠት እንዲህ ከቀኑ ውሎ ጋር አይመላለስም። በድንገት ይመጣል፣ ከወገብ በላይም ይታያል፦ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ የዓይን ዙሪያ ያብጣል፣ ትናንት በቀላሉ ይወጣ የነበረ ቀለበት ከጣት አልወጣ ይላል፣ ክብደት በአንድ ሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ይጨምራል። ዘመድ ጎረቤት «ፊቷ ሞላ፣ እርግዝናው ተስማማት» ብሎ ሊደሰት የሚችለው እዚህ ላይ በመሆኑ ምልክቱ በቀላሉ ይታለፋል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ባቱ የሚያም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ይህም የዚያኑ ዕለት ምርመራ ይፈልጋል።

ራስ ምታትም እንዲሁ ነው። ባዶ ሆድ መዋል፣ ውሃ ማነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የለመዱትን ቡና በድንገት መተው፣ ሁሉም ራስ ያሳምማሉ። እንዲህ ያለው ሕመም ሲበሉ፣ ሲጠጡና ሲያርፉ ወይም ፓራሲታሞል ሲወስዱ ይለቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን፣ በተለይ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ፣ የፅንሱን ኩላሊትና ልብ ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የመጣ፣ ከባድና በፓራሲታሞል የማይበገር ራስ ምታት ምክንያቱ ቡና ነው ወይስ ምች ተብሎ ቤት ውስጥ የሚመረመር አይደለም። የደም ግፊት መለካት አለበት።

የፕሪኤክላምፕሲያ መነሻ ከራስም ከፊትም ርቆ፣ የእንግዴ ልጁ ጋ ነው። በጤናማ እርግዝና ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄዱት የማህፀን ደም ሥሮች ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰፍተው ብዙ ደም ያስተላልፋሉ። ሳይሰፉ ሲቀሩ እንግዴ ልጁ ደም ያጥረውና የእናትየዋን የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን የሚጎዱ ነገሮችን ወደ ደሟ ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ የዚህ ውጤት ነው። ሥሮቹ ይኮማተሩና ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊት ፕሮቲን ወደ ሽንት ያሳልፋል፤ ፈሳሽ ከሥር ወጥቶ ፊትና እጅ ያብጣል። አንጎል ሲነካ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ ይመጣል፤ ጉበት ሲነካ ደግሞ ከጎድን አጥንት በታች፣ በቀኝ በኩል ወይም እንብርት በላይ ያማል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከጨጓራ ሕመም ጋር ይምታታል።

የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት ሴትን ለምሳሌ እንውሰድ። በ28ኛው ሳምንት ክትትሏ ግፊቷ 110/70 ነበር። በ34ኛው ሳምንት ቀለበቷ ጠበበ፣ ፊቷ አበጠ፣ ማታ የጀመራት ራስ ምታት በሁለት ፓራሲታሞል አልተሻለም፤ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደች። የእርግዝና ግፊት ከ140/90 ጀምሮ ከፍተኛ ይባላል፤ የእሷ 165/112 ሆኖ ተገኘ፣ በሽንቷም ፕሮቲን አለ። 160/110 ላይ ከደረሰ ግፊት አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ማውረጃው መድኃኒት በሰዓታት ሳይሆን በደቂቃዎች ውስጥ መጀመር አለበት። አዋላጇ ኒፌዲፒን ትሰጣታለች፣ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም ሰልፌት ትወጋታለች፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ትልካታለች። ማግኒዥየም የሚሰጠው ለግፊቱ ሳይሆን ለአንጎሏ ነው፤ 2002 ላይ የታተመው ማግፓይ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት የመንቀጥቀጥን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሕመሙን የሚያቆመው ግን እንግዴ ልጁ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች የሕመሙን ክብደት ከፅንሱ ዕድሜ ጋር እያመዛዘኑ መቼ እንደምትወልድ ይወስናሉ። ይህች ሴት ራስ ምታቷን ይዛ ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ ግፊቷን የሚለካላት ሰው የሚደርሰው ምናልባት ከወደቀች በኋላ ነበር።

መንቀጥቀጡ ኤክላምፕሲያ ይባላል። ቤት ውስጥ ከተከሰተ በግራ ጎኗ ማስተኛት፣ ሊመታት የሚችለውን ነገር ማራቅና መኪና መጥራት እንጂ ክብሪት ማሽተት፣ ጥርስ መፈልቀቅ ወይም ውሃ ማጠጣት አይጠቅማትም፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ይጎዷታል። ነገሩን ለመንፈስ የሰጠ ቤተሰብ በዚያው ሰዓት የሚያባክነው ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነው።

ግፊቱ ሌላ መዘዝም አለው፤ እንግዴ ልጁ ከጊዜው ቀድሞ ከማህፀን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ያኔ ሆድ እንደ ጣውላ ይጠነክራል፣ ሕመሙም አይቋረጥም። ደሙ ውስጥ ታጉሮ ሊቀር ስለሚችል የሚታየው ጥቂት መሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ያለ ሕመም የሚፈስ ደማቅ ቀይ ደም ደግሞ እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ መቀመጡን ሊያመለክት ይችላል፤ አልትራሳውንድ ይህን ሳያጣራ በጣት መመርመር ደሙን ሊያባብሰው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከአራት ሴቶች አንዷ ያህል ትንሽ ደም ታያለች፣ ብዙዎቹም እርግዝናቸው ይቀጥላል፤ ያም ሆኖ መታየት አለበት፤ በተለይ በአንድ ወገን ከሚያም ሆድ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል። ከአጋማሹ በኋላ ያለ ደም ሁሉ ወዲያው ያስኬዳል። ቀኗ ደርሶ ከምጥ በፊት የሚታየው፣ ደም የነካው ዝልግልግ ፈሳሽ ብቻ የተለመደ ነው።

ልጅ መውለድ ሕመሙን በዚያው ሰዓት አያጠፋውም። ግፊት ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ እንደገና ከፍ ሊል ይችላል፤ አንዳንድ ሴቶችም የሚታመሙት ገና አራስ ቤት ሳሉ ነው። በእነዚያ ቀናት አራሷ ራሴን ክፉኛ አመመኝ ወይም ዓይኔ ብዥ አለብኝ ካለች፣ ገንፎውና እንግዳ አስተናግዶው ቆይቶ ግፊቷ ይለካ። በቀጣዩ እርግዝና ሕመሙ የመደገም ዕድል ስላለው ያለፈውን ታሪኳን በመጀመሪያው ክትትል መናገር ይኖርባታል፤ ሐኪሙ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን፣ ከምግቧ ካልሲየም የማታገኝ ከሆነም የካልሲየም እንክብል ሊያዝላት ይችላል።