ናሙና ሰብስቦ መሥራት፦ የሚባለውና የሚሆነው

በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የጠዋት ፈረቃ የያዘ ሰው ሁለት ምክር ይሰማል። አንዱ «በሽተኛውን እንደመጣ ጨርሰህ ሸኘው» ይለዋል፤ ሌላው «ሁሉንም ሰብስብና ባንዴ ሥራው» ይለዋል። ሁለቱም ልምድ ካላቸው ሰዎች የሚመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የሂሳቡን ግማሽ ትተውታል።

ሂሳቡ ጎልቶ የሚታየው በከፊል አውቶማቲክ በሆነው የኬሚስትሪ ማሽን ላይ ነው። ሪኤጀንቱንና ሴረሙን ባለሙያው ራሱ በፒፔት ይቀላቅላል፤ ማሽኑ በአንድ ጊዜ አንድ ናሙና ብቻ ያነባል። ከስኳር ወደ ክሪያቲኒን ለማለፍ መስመሩን በተጣራ ውኃ ማጠብ፣ ፕሮግራሙን መቀየር፣ የአዲሱን ምርመራ ብላንክ ማስነበብ ያስፈልጋል። ለዚህ ሦስት ደቂቃ እንያዝለት።

«መቀያየር የሚበላው ትንሽ ነገር ነው»

12 በሽተኞች መጥተዋል እንበል፤ ለእያንዳንዳቸው ስኳር፣ ክሪያቲኒንና ኤስጂፒቲ ታዝዟል። ማሽኑ ስኳርን በአንድ ደቂቃ፣ ክሪያቲኒንን በሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ኤስጂፒቲን በአራት ደቂቃ ያነባል ብንል፣ የንባቡ ጊዜ ብቻ 90 ደቂቃ ይሆናል። ይህ በየትኛውም መንገድ ቢሠራ አይቀንስም። ልዩነቱ ያለው በመቀያየሩ ላይ ነው። በሽተኛ በበሽተኛ ከተሠራ ማሽኑ 36 ጊዜ ምርመራ ይቀይራል፤ በሦስት ደቂቃ ሲባዛ 108 ደቂቃ፣ ማለትም ከንባቡ የሚበልጥ ጊዜ። በምርመራ ዓይነት ከተሠራ ግን ቅየራው ሦስት ጊዜ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነው። የስኳሩ ቅልቅል ቀለም እስኪያወጣ የሚቆይበትን አሥር ደቂቃ ጨምረን እንኳ ሥራው በ109 ደቂቃ ያልቃል፤ በሽተኛ በበሽተኛ ሲሆን ግን 198 ደቂቃ ይፈልጋል።

«ልምድ ያለው ሰው አይቸገርም» የሚሉም አሉ። እጁ ሊፈጥን ይችላል፤ አእምሮ ግን የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር ጀርሲልድ ይህንን በ1927 እ.ኤ.አ. በሙከራ አሳይቷል። በ1995 እ.ኤ.አ. ሮጀርስና ሞንሴል ደግሞ ሰዎች ሥራው መቼ እንደሚቀየር አስቀድመው እያወቁና ለመዘጋጀት ጊዜ እያገኙ እንኳ ከቅየራው በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ሥራ እንደምትዘገይ አገኙ። ዝግጅት መዘግየቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እዚያ የተለካው ከሴኮንድ በታች ስለሆነ የላቦራቶሪውን ሰዓት የሚበላው እሱ አይደለም። በእኔ ግምት ይበልጥ የሚያሳስበው በቅየራው መካከል የፒፔቱን መጠን ከቀድሞው ምርመራ ሳያስተካክሉ መቀጠል ነው።

«አንድ ዓይነት ምርመራ ከሆነ ሁሉንም ባንዴ ቀላቅለው»

ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ብልሽቱም ወዲያው ስለማይታይ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል። ስኳር ላይ ምክሩ ይሠራል። ቅልቅሉ ቀለሙን ጨርሶ ካወጣ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሳይለወጥ ስለሚቆይ፣ 12ቱን ቲዩብ ቀላቅሎ፣ አብሮ አሙቆ፣ ተራ በተራ ማስነበብ ይቻላል። ሰብስቦ መሥራት ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው በዚህ ዓይነት ምርመራ ነው።

ኤስጂፒቲ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ የሚለካው የመጨረሻውን ቀለም ሳይሆን ለውጡ በየደቂቃው የሚሄድበትን ፍጥነት ነው፤ ሪኤጀንቱ ሴረሙን ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጥራል። 12ቱን አስቀድሞ የቀላቀለ ሰው የመጨረሻውን ቲዩብ የሚያስነብበው ከ40 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ ቲዩብ ውስጥ ያለው የጉበት ኢንዛይም እጅግ ከፍተኛ ከሆነ ሪኤጀንቱን እስከዚያ በልቶ ጨርሶታል፤ የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ማሽኑ ዝቅተኛ ቁጥር ያወጣል። በጣም የታመመው ሰው ጤነኛ መስሎ ይወጣል ማለት ነው። ክሪያቲኒንም በተወሰነ ሰከንድ መካከል የሚለካ በመሆኑ አስቀድሞ መቀላቀልን አይወድም። ለሁለቱ የሚሰበሰበው ዝግጅቱ ነው፦ ማጠቡ፣ ፕሮግራሙ፣ ብላንኩ፣ ሪኤጀንቱን በየቲዩቡ መክፈል። ሴረሙ የሚጨመረው ግን ለማንበብ ተራው ሲደርስ፣ አንድ በአንድ ነው።

«በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ከላይ ያለውን የ109 ደቂቃ ቀመር እንደገና እንየው። ስኳሩ በ25ኛው ደቂቃ፣ ክሪያቲኒኑ በ58ኛው ያልቃል፤ የመጀመሪያው በሽተኛ ሦስቱንም ውጤት የሚያገኘው በ65ኛው ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ወደ ሐኪሙ አይመለስም። 12ቱን ለሁለት ከፍለን ስድስት ስድስት ብንሠራስ? ቅየራው ስድስት ጊዜ ይሆናል፤ የሁለተኛው ቡድን ስኳር የመጀመሪያው ኤስጂፒቲ ሲነበብ ጎን ለጎን ስለሚሞቅ ጠቅላላው ሥራ 118 ደቂቃ ይፈጃል። የተጨመረው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። በምትኩ በ64ኛው ደቂቃ ስድስት ሰዎች ሙሉ ውጤታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ድንገተኛ በሽተኛ ቢመጣም ምርመራ በሚቀየርበት ቦታ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ቡድኑ ሲያንስ ያ ቦታ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። እኔ ብሆን ስድስቱን እመርጣለሁ፤ ጠቅላላ ሰዓቱን ብቻ የሚጠይቅ ኃላፊ ግን 109ኙን መምረጡ አይቀርም።

ናሙናውም ራሱ ይጠብቃል ብሎ ማመን ስሕተት ነው። ያልተለየ ደም ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ስኳሩን መብላታቸውን ስለሚቀጥሉ፣ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። በጾም የተቀዳ ደም 130 የነበረው፣ ሴንትሪፊዩጁ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ወደ 115 ይወርዳል። የስኳር በሽታ መለያው ቁጥር 126 በመሆኑ መጠበቁ ብቻውን የምርመራውን መልስ ይቀይረዋል። ደሙ ከረጋ በኋላ፣ ይህም ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ አራት ቲዩብም ቢሆን ሚዛኑን ጠብቆ አዙሮ ሴረሙን መለየት ይሻላል። ከተለየ በኋላ ለማሽኑ ተራ ቢጠብቅ ችግር የለውም። እንግዲህ ማሽኑ ላይ መሰብሰብ ትክክል ሆኖ ሳለ ሴንትሪፊዩጁ ላይ መሰብሰብ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

«ሰብስቦ መሥራት ስሕተት ይቀንሳል»

አንዱን ስሕተት ይቀንሳል፤ ሌላውን ያበዛል። በሽተኛ በበሽተኛ ሲሠራ አንድ ስሕተት አንድ ሰው ይነካል። በረድፍ ሲሠራ ግን አራተኛው ቲዩብ ቢዘለል የአምስተኛው ውጤት በአራተኛው ስም ይጻፋል፣ የስድስተኛውም በአምስተኛው፤ እስከ መጨረሻው ሁሉም አንድ ቦታ ይሳሳታል። ቁጥሮቹ ለየብቻቸው ሲታዩ ደኅና ስለሚመስሉ ማንም አይጠረጥርም። ለዓመታት የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ልክ እንደ ጤነኛ ወጥቶ፣ ጎኑ ያለው ወጣት ከፍ ብሎ ከተገኘ ረድፉ ተንሸራቷል ብሎ ማሰብ ይገባል።

የሚረዳው ዘዴ ርካሽ ነው። ዋጋው የታወቀ ኮንትሮል ሴረም ጠዋት ከሚነበበው ሌላ በረድፉ መካከል፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጣል። ኮንትሮሉ በቦታው ካልወጣ ወይ ረድፉ ተንሸራቷል፣ ወይ ብላንኩ ተበላሽቷል፤ በዚያ ረድፍ የወጣው ሁሉ ወደ መዝገብ ከመግባቱ በፊት ይደገማል። በ12 ናሙና ኤስጂፒቲን መድገም 48 ደቂቃ ይፈጃል፣ በስድስት ግን 24።