ብሎኬቱ ሶሌታውን አይሸከምም

በጅቡቲ ከተማ፣ በራስ ዲካ ቤት የሚያሠራ ሰው ባለ ብሎኬት ሶሌታ (ፈረንሳይኛው ኡርዲ የሚለው) ሲመርጥ ሁለት ነገር አምኖ ይጀምራል። ጣሪያውን የሚይዘው ብሎኬቱ ነው፤ ኮንክሪቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ክብደቱም በግማሽ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው።

ሶሌታ ጭነት ሲያርፍበት ላዩ ይጨመቃል፣ ታቹ ይሳባል። ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፣ መሳብን ግን አይችልም፤ ለዚያ ፌሮ አለ። ስለዚህ ከታች በኩል ያለው ኮንክሪት ፌሮውን ከመያዝና ከላዩ ጋር ከማስተሳሰር ያለፈ ሥራ ስለሌለው አብዛኛው ወጥቶ ቦታው ባዶ ቢሆን አይጎዳም። ብሎኬቱ ያንን ባዶ ቦታ የሚጠብቅ፣ ሳይፈታ የሚቀር ፎርምወርክ ነው። የሚሸከሙት በብሎኬት ረድፎች መካከል የሚሞሉት ቀጫጭን ቢሞችና አብሯቸው የሚፈስሰው የላይኛው ንጣፍ ናቸው። የቧንቧ ሠራተኛ ለሽንት ቤት ሲበሳ ብሎኬቱን ቢነካ ብዙም አይከፋም፤ ቢሙን ከቆረጠ ግን የጣሪያውን አጥንት ቆረጠ።

ቁጠባውን በ4 በ5 ሜትር ክፍል እናስላው። ብሎኬቱ 40 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 20 ርዝመትና 16 ቁመት አለው፤ ቢሙ 10 ሳንቲሜትር ይሰፋል፤ ንጣፉ 5 ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ንጣፉ 50 ሊትር፣ ቢሞቹ 32 ሊትር ይወስዳሉ፤ ድምሩ 82 ነው። ይህን ከ21 ሳንቲሜትር ድፍን ሶሌታ ጋር አወዳድሮ «ከ60 በመቶ በላይ ቆጠብን» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ለዚህ ክፍል ድፍኑ 15 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ይበቃዋልና። ትክክለኛው ንጽጽር 150 ሊትር በ82 ነው፤ ለክፍሉ በሙሉ 3 ሜትር ኩብ በ1.64። ቁጠባው 45 በመቶ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ድፍን ሆኖ የሚሞላው ሲታሰብ ደግሞ ያንሳል።

ክብደቱ ግን እንደዚህ አይወርድም። ድፍኑ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ነው። የባለ ብሎኬቱ ኮንክሪት 205 ኪሎ ሲሆን በላዩ 10 ብሎኬት ይጨመራል፤ አንዱ 10 ኪሎ ከመዘነ ድምሩ 305 ይሆናል። የቀነሰው ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው፤ ብሎኬቱ ከባድ ከሆነ ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ስለዚህ መሠረትና ዓምድ ከመቀነስ በፊት አንድ ብሎኬት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይገባል።

በጅቡቲ ሙቀት ደረቅ ብሎኬት የቢሙን ውሃ ስለሚመጥ ከመሙላት በፊት በደንብ ይርጠብ። የባሕር ጨው ደግሞ ፌሮን ስለሚበላ፣ ቢሙ ውስጥ ፌሮው ከታች እንዳይነካ በማስቶ ይነሣ፤ በ10 ሳንቲሜትር ጠባብ ቦታ ኮንክሪቱ ሥሩ እንዲደርስ ቫይብሬተር ያስፈልጋል።

ቁጠባውን በአንድ ቀን የሚያጠፋው ግን የረድፍ ጫፍ ላይ ያለ ክፍት ቀዳዳ ነው። ካልተደፈነ ኮንክሪቱ ወደ ብሎኬቱ ሆድ ይገባል። 1.64 ሜትር ኩብ ሊወስድ የታሰበ ክፍል 2 ሜትር ኩብ ከበላ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።