ዲናሞ ሲደክም፦ ከፊት መብራት እስከ ቴስተር

ቡና በሚለቀምበት ወቅት ሊሙ ገነት ላይ መኪና አያርፍም። እሸት ቡናው ቀን ተለቅሞ ማታ ማጠቢያ ጣቢያ ይገባል፤ የተሳፋሪው ሚኒባስም ከጅማ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ከመሸ ነው። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ አሮጌ ናፍጣ ናቸው፤ የዲናሞ ሕመም ተደብቆ የሚቆየውም በእነሱ ላይ ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ፣ አሮጌው ሞተር አንዴ ከተነሳ ከባትሪ የሚፈልገው እዚህ ግባ አይባልም። ዲናሞው ቢሞትም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። የቤንዚን መኪና ግን ባትሪው ሲያልቅ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች።

ዲናሞ የምንለው ዕቃ በትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ የቀድሞውን ዲናሞ ተክቶ በየመኪናው ሲገባ፣ ስሙ ግን በእኛ አፍ እንደነበረ ቀረ።

መጀመሪያ የሚናገረው የፊት መብራት ነው። አምፖል ቮልቴጅ ትንሽ ሲቀንስበት ብርሃኑ በብዙ ይቀንሳል፤ ከ14 ቮልት ወደ 12 ቢወርድ ከብርሃኑ 40 በመቶ ያህሉን ያጣል። ሹፌሩ ጭጋግ ወይም የቆሸሸ መስታወት ይመስለዋል። መለያው ነዳጅ ሲረገጥ የሚሆነው ነው። በሚኒሞ ደብዝዞ ሲረገጥ የሚደምቅ ከሆነ ዲናሞው ገና በሕይወት አለ፤ ቺንጋው ላልቶ ወይም ካርቦኑ አልቆ ይሆናል። ቢረገጥም ካልደመቀ መኪናዋ የምትሄደው በባትሪው ቁጠባ ብቻ ነው።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ ምልክትም የራሷ ቋንቋ አላት። በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች አንዱ ጫፏ ከባትሪ፣ ሌላው ከዲናሞ ይገናኛል። ሁለቱ ቮልት ሲተካከሉ ትጠፋለች፤ ሲለያዩ ትበራለች። ጨለማ ውስጥ ፍዝዝ ብላ የምትታይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አንድ ዳዮድ ተቃጥሏል ማለት ነው። ከሁሉ የምታሳስበኝ ግን ቁልፍ ሲከፈት ጭራሽ የማትበራው ናት። አምፖሏ ተቃጥሎ ከሆነ የሚያስጠነቅቅ የለም፤ በአንዳንድ መኪና ደግሞ ዲናሞው ሥራ የሚጀምርበት ጅረት የሚያልፈው በእሷ በኩል ስለሆነ፣ ደህናው ዲናሞ ሳይሞላ ይውላል።

ቁርጡን የሚናገረው ቴስተር ነው። በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጎ ቀዩን ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ነጌቲቭ ላይ ማስነካት ነው። ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ያህል ያሳያል፤ ሞተር ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። ከ15 ካለፈ ተቆጣጣሪው ተበላሽቷል፤ ባትሪውን አፍልቶ ያደርቀዋል። ሁለት ባትሪ በተከታታይ የተገጠመለት ባለ 24 ቮልት አይሱዙ ከሆነ ቁጥሩ እጥፍ ነው፤ ቴስተሩም ከ20 ከፍ ወዳለው መለኪያ መዞር አለበት።

አንድ ማታ ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ ስንነሳ የሚኒባሳችን መብራት ፈዞ መንገዱን አላሳይ አለ። በማግስቱ መካኒኩ ሲለካ ሞተሩ ጠፍቶ 12.1 ነበር። ሲነሳ 11.9 ሆነ፤ መብራት ሲበራ 11.6 ወረደ። ሹፌሩ «አዲስ ባትሪ ልግዛ?» ቢለው «ቆይ ወንድሜ፣ ባትሪው ምን አጠፋ!» አለና የቴስተሩን ቀይ ሽቦ ከባትሪው አንስቶ ከዲናሞው ጀርባ፣ ወፍራሙ ገመድ የሚታሰርበት ቡሎን ላይ አስነካ። እዚያ 14 ቢያገኝ ኖሮ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የዛገ ማሰሪያ ይሆን ነበር። ያው 11.6 ነው። ቺንጋው ጥብቅ ነው። ዲናሞው ወረደ።

ሲከፈት ካርቦኖቹ በጥቁር ዘይት ርሰው ተገኙ። በብዙ የናፍጣ ቶዮታዎች ላይ ፍሬኑን የሚያቀለው ቫኪዩም ፓምፕ የሚገጠመው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው፤ በሞተር ዘይት ስለሚለሰልስ፣ ዘይት የሚያግደው ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ይገባል። ካርቦን ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ጎማው ካልተለወጠ ዘይቱ አዲሱንም ያበላሸዋል። የእነዚህ መኪኖች ቺንጋ ሲበጠስም የሚጠፋው መብራት ብቻ አይደለም፣ ፍሬኑም ይደድራል።

ያን ዕለት አንድ ተመልካች ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ለመሞከር እጁን ሰዶ ነበር፤ መካኒኩ ከለከለው። ይህ ልማድ የጥንቱ ዲናሞ ቅሪት ነው። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ይዘላል፣ ዳዮዶቹን ያቃጥላል፤ በአዲስ መኪና ላይ ኮምፒውተሩንም ይዞ ይሄዳል።

ጎማውም ካርቦኑም ተለውጦ፣ ዲናሞው በቤንዚን ታጥቦና ደርቆ ተገጠመ። መብራት በርቶ ቴስተሩ 14.1 አሳየ። መካኒኩ ግን ቁልፉን ለሹፌሩ ከመስጠቱ በፊት ገብቶ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረገጠ።