ሳይከፈት የሚነበበው ኢሜይል

«ለተከበረው ድርጅታችሁ፣ እኛ ጥራቱን የጠበቀ ቡና በማቅረብ የምንታወቅ...» አሜሪካ ያለው ቡና ቆይ ስልኩ ላይ የሚያየው እስከዚህ ድረስ ነው። ጂሜይልም ሆነ አይፎን ኢሜይሉ ሳይከፈት በአብዛኛው የሚያሳዩት የላኪውን ስም፣ ርዕሱንና የመልእክቱን መነሻ ነው፤ አይፎን ላይ ቅንብሩ ካልተቀየረ ሁለት መስመር። ሰላምታና ራስን ማስተዋወቅ ያንን ቦታ ከያዙት፣ ለገዢው የሚጠቅመው ነገር ሳይታይ መልእክቱ ይሰረዛል።

አንድ የአዲስ አበባ ላኪ ኒው ጀርሲ መጋዘን ውስጥ 20 ጆንያ ያልታጠበ የጉጂ ቡና አለው እንበል። ከመጻፉ በፊት የቆዪውን ድረ ገጽ ሲያይ የጉጂው ቡና «አልቋል» ተብሎ ተለጥፎበታል። ደብዳቤው መነሻውን እዚያው አገኘ ማለት ነው፦

«ድረ ገጻችሁ ላይ ያልታጠበው ጉጂ አልቋል ይላል። ከሻኪሶ የመጣ 20 ጆንያ ኒው ጀርሲ አለን፤ ከ5 ጆንያ ጀምሮ እንሸጣለን።»

የመጀመሪያው መስመር ስለ ገዢው ነው፤ ደብዳቤው ለሺህ ሰው የተበተነ አለመሆኑንም ያሳያል። ሁለተኛው ችግሩን ይፈታል። ቡናው አሜሪካ ስለገባ መርከብ መጠበቅ የለም። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ወደ 320 ይይዛል፤ ያንን ሁሉ መግዛት ለማይችል ትንሽ ቆዪ «ከ5 ጆንያ ጀምሮ» የሚለው ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጥበታል። «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለውን ግን ሁሉም ላኪ ስለሚጽፈው ገዢው ማንበቡን ትቶታል።

«ድረ ገጻችሁን በጣም ወደድነው» የሚለው አከፋፈትም ያው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሁለቱ መስመሮች አንድ ቃል ሳይቀየር ለሌላ ቆዪ መላክ ከቻሉ፣ ገና አልተጻፉም። ከዚያ ኢሜይሉን ወደ ራስ ስልክ ልኮ፣ ሳይከፍቱ ምን እንደሚታይ ማየት ነው።

ከሁለቱ መስመሮች በታች ብዙ አያስፈልግም። የቅምሻ ውጤቱና የምርት ዘመኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ፦ «300 ግራም ናሙና እንላክላችሁ?» የስብሰባ ቀጠሮ መጠየቅ ለማያውቁት ሰው ከባድ ነው፤ ናሙና መቀበል ግን ቀላል። ከባድ ዓባሪ ፋይል አይያያዝም። ላኪው ማን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ እዚያው የፖስታ አድራሻና ሌላ መልእክት የማይፈልግ ሰው እንዴት እንደሚያሳውቅ ይጻፋል። የአሜሪካ ሕግ ለንግድ ኢሜይል ሁለቱንም ያስገድዳል። ጀርመን ግን ለድርጅትም ቢሆን አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኙ የማስታወቂያ ኢሜይል መላክ የተከለከለ ስለሆነ፣ ለሃምቡርግ ቆዪ መደወልም የራሱ ገደብ አለው፤ የቡና ኤግዚቢሽን ላይ በአካል መተዋወቅ ይሻላል።

ውጤቱን ስንት ሰው ከፈተው ብሎ መለካት አሳሳች ነው። አፕል ከ2021 ጀምሮ የኢሜይል ምስሎችን ተቀባዩ ሳያነብም ቀድሞ ስለሚጭን፣ ያልተነበበው እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። የሚቆጠረው ናሙናውን ላኩልን ያለው ሰው ነው።