ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነንና የማንቁርት ካንሰር

ጉንፋን ይዞት ድምፁ የጎረነነ ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞ ድምፁ ይመለሳል። ሦስትና አራት ሳምንት ቆይቶም ያልተመለሰ ድምፅ ግን በጉንፋን ብቻ ሊሳበብ አይችልም። በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራባቸው የሕክምና መመሪያዎች እንዲህ ያለው ሰው፣ በተለይም ዕድሜው ከ45 ዓመት በላይ ከሆነና የሚያጨስ ከሆነ፣ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ተልኮ የድምፅ አውታሮቹ በዓይን እንዲታዩ ያዛሉ። በዓይን እንዲታዩ የሚለው ቃል ሊጠበቅ ይገባዋል። ጉሮሮን በባትሪ አይቶ ክኒን ማዘዝ ማንቁርትን መመርመር አይደለምና።

ማንቁርት በአንገት ፊት ለፊት፣ በወንዶች ላይ ጎላ ብሎ የሚታየው የአካል ክፍል ሲሆን የአየር ቧንቧ መግቢያ ነው። በውስጡ ሁለት የድምፅ አውታሮች ይገኛሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገር ተገጣጥመው ይርገበገባሉ፤ ስንውጥ ደግሞ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይዘጋሉ። በእነዚህ አውታሮች ጠርዝ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል እብጠት ብትወጣ እንኳ መገጣጠማቸው ስለሚዛባ ድምፅ ወዲያውኑ ይሻክራል። ከዚህም ሌላ አውታሮቹ ካንሰር ወደ ሌላ አካል የሚጓዝባቸው የሊምፍ ቧንቧዎች እምብዛም ስለሌሏቸው፣ በእነሱ ላይ የሚነሳ ካንሰር ለወራት በዚያው ተወስኖ ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ ፈጥኖ የሚታይ፣ ሥርጭቱ ደግሞ የሚዘገይ ካንሰር ብዙ አይደለም።

ከአውታሮቹ በላይ ባለው የማንቁርት ክፍል የሚጀምር ካንሰር ግን ይህ ዕድል የለውም። ድምፅ ለረጅም ጊዜ ደህና ሆኖ ይቆያል። በሽተኛው የሚሰማው ሲውጥ የሚወጋ ሕመም፣ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር የተሰነቀረ መምሰል፣ ወይም ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በአንድ በኩል የሚሰማ የጆሮ ሕመም ነው። ክፍሉ በሊምፍ ቧንቧዎች የተሞላ በመሆኑ አንዳንዶች ወደ ሐኪም የሚሄዱት አንገታቸው ላይ የማያም ጠንካራ ንፍፊት ካገኙ በኋላ ነው። ውኃ ሲጠጡ ትን ማለት፣ ደም የቀላቀለ አክታና ሲተነፍሱ የሚሰማ የፉጨት ድምፅ ሲከተሉ በሽታው ሩቅ ሄዷል ማለት ነው። የመጨረሻው በተለይ ቀጠሮ የሚጠበቅለት ሳይሆን በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል የሚያስሄድ ምልክት ነው።

ከመንስኤዎቹ ዋነኛው ትንባሆ ሲሆን ሲጋራም ይሁን ፒፓ ልዩነት የለውም። አልኮል በራሱ ለዚህ ካንሰር ያጋልጣል። ሁለቱን አጣምሮ የሚወስድ ሰው የሚገጥመው አደጋ ግን የሁለቱ ድምር ሳይሆን ከድምሩ የሚበልጥ ነው። አልኮሉ የጉሮሮን ሽፋን እያሳሳ የትንባሆውን መርዝ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ እንደሚያግዝ ይታመናል። በሥራ ቦታ የአስቤስቶስ ብናኝን ወይም የሰልፈሪክ አሲድ ትነትን ለዓመታት መተንፈስም በተረጋገጡት መንስኤዎች ውስጥ ተመዝግቧል። ማጨስ ያቆመ ሰው አደጋው በየዓመቱ እየቀነሰለት ቢሄድም ወዲያውኑ ስለማይጠፋ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ያቆመ ሰውም የድምፁን ለውጥ ችላ ሊል አይገባውም። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በተዘጉ የሥራ ቦታዎች ማጨስን መከልከሉ ይታወቃል። አዋጁን በየመሥሪያ ቤቱ የማስከበር ኃላፊነት ያለባቸው አንዳንድ ኃላፊዎች በቢሯቸው የሲጋራ መተርኮሻ ማኖራቸው ግን አልቀረም።

የጊዜን ዋጋ ለማሳየት በዓለም የሕክምና ታሪክ በስፋት የተመዘገበ አንድ ጉዳይ አለ። የጀርመኑ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 3ኛ፣ አዘውትረው ፒፓ ያጨሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1887፣ በ55 ዓመታቸው፣ ድምፃቸው ጎረነነ። በመጋቢት ወር የበርሊኑ ፕሮፌሰር ካርል ገርሃርት በመስታወት ባዩአቸው ጊዜ በግራው የድምፅ አውታር ላይ ትንሽ እብጠት አገኙ። እብጠቱን በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ደጋግመው ቢተኩሱትም ተመልሶ አደገ። በግንቦት እንደገና ሲታይ አውታሩ እንደ ቀድሞው አይንቀሳቀስም ነበር። ይህ ትልቅ ፍች ያለው ለውጥ ነው፤ ዕጢው ከላይኛው ሽፋን አልፎ ወደ ጡንቻው መግባቱን ያመለክታልና።

የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ኤርንስት ፎን በርግማን ማንቁርቱን ከውጭ ከፍተው ዕጢውን ለማውጣት ተዘጋጁ። ከለንደን የተጠሩት ሞሬል ማኬንዚ ግን ካንሰር መሆኑ በናሙና ሳይረጋገጥ መቀደድ የለበትም አሉ። አባባላቸው በመርሕ ደረጃ ትክክል ነበር። በአፍ በኩል ቆንጥረው ያወጡትን ናሙና ታዋቂው ሩዶልፍ ቪርኾው መርምረው ካንሰር አላገኙበትም። ቪርኾው የተላኩላቸው ቁራጮች ስለ ቀሪው ክፍል ለመመስከር እንደማያስችሉ ጽፈው የነበረ ቢሆንም ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘ። በኅዳር ወር ካንሰር መሆኑ ማኬንዚን ጨምሮ በሁሉም ዘንድ ታመነ፤ አልጋ ወራሹም ማንቁርታቸው ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ አልፈቀዱም። እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1888 መተንፈስ አቅቷቸው አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ተከፈተላቸው። በመጋቢት ዙፋኑን ሲወርሱ ትእዛዝ የሚሰጡት በወረቀት እየጻፉ ነበር። ለ99 ቀናት ከነገሡ በኋላ ሰኔ 15 ቀን አረፉ።

ባለሙያዎች ዛሬም ከዚህ ጉዳይ የሚወስዱት ትምህርት ከላይ ከላይ የተቆነጠረ ናሙና ካንሰር የለውም ቢባል ነፃ የመሆን ማረጋገጫ አለመሆኑን ነው። ዕጢው እያደገ ወይም አውታሩ መንቀሳቀስ እያቆመ ከሄደ ናሙናው በሙሉ ማደንዘዣ፣ ከጠለቀ ቦታ እንደገና ይወሰዳል። በሽተኛው የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ ቤቱ ሊቀመጥ አይገባውም።

ተመሳሳይ ሁኔታ ያለው ሰው በዛሬው ሕክምና በመጋቢቱ ምርመራ ቢደረስበት ኖሮ ሁለት አማራጮች ይቀርቡለት ነበር። የመጀመሪያው የጨረር ሕክምና ነው። በሽተኛው ጭንቅላቱና አንገቱ እንዳይንቀሳቀሱ በልኩ የተሠራ ጭንብል ይደረግለትና በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች፣ ከ5 እስከ 7 ለሚሆኑ ሳምንታት ጨረር ይሰጠዋል። ሁለተኛው አማራጭ በአፍ በኩል በሌዘር ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት ሲሆን ይህ በአንድ ቀን የሚፈጸም ነው። በአንድ አውታር ላይ ተወስኖ በሚገኝ፣ አውታሩም በሚንቀሳቀስበት ካንሰር በሁለቱም መንገዶች ከአሥር ሰዎች በዘጠኙ ገደማ በሽታው በቦታው ይገታል። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው በሌሎች ነገሮች ነው።

ዕጢው በአውታሩ መካከል ላይ ያለና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ሌዘሩ ይመረጣል። ፈጣን ነው፤ የወጣው ሥጋም ጠርዙ ንጹሕ መሆኑ በላቦራቶሪ ይታያል። በሽታው ቢመለስ ደግሞ ቀዶ ሕክምናውም ጨረሩም ገና በእጅ ናቸው። ጨረር ግን በአንድ ቦታ ላይ በሙሉ መጠኑ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይደገምም። በሌላ በኩል ዕጢው ሁለቱ አውታሮች ከፊት በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ከሆነ፣ ወይም አውታሩን በጥልቀት መቁረጥ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፅ ስለሚደክም ብዙ ሐኪሞች ወደ ጨረር ያደላሉ። አንገቱ የማይታጠፍ ወይም አፉ በበቂ የማይከፈት ሰውም መሣሪያው ስለማይገባለት የሚቀርለት ጨረሩ ነው። በድምፁ የሚተዳደር መምህር፣ ዳኛ ወይም ጠበቃ ይህንን ጥያቄ ከመወሰኑ በፊት ለሐኪሙ ማቅረብ ይኖርበታል።

የጨረሩ ድክመት ጊዜ መሻቱ ነው። በሕክምናው መካከል ቀናት ከተዘለሉ የተረፉት የካንሰር ሴሎች እንደገና ስለሚራቡ የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ይህንን አገልግሎት ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልሎች ማዕከላት መከፈት ቢጀምሩም ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የሳምንታቱ ማረፊያና የሥራ ፈቃድ ከሕክምናው የማይለይ ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም ፈቃዱን በየሳምንቱ እየቆራረጠ ሳይሆን እስከ ሕክምናው ፍጻሜ አንድ ላይ ቢሰጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በሕክምናው ወቅት ጉሮሮ ይቆስላል፤ የአንገት ቆዳ ይጠቁራል፤ ድምፅም ለጊዜው ይብስበታል። በዚህ ወቅት ማጨስ የጨረሩን ውጤት ይቀንሰዋል።

በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ጥያቄው ይለወጣል። ቀደም ሲል ለዚህ ደረጃ የሚሰጠው ሕክምና ማንቁርቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነበር። በአሜሪካ በ332 በሽተኞች ላይ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት ግን ግማሾቹን በቀዶ ሕክምናና በጨረር፣ ግማሾቹን ደግሞ በኬሞቴራፒና በጨረር አክሞ አወዳደረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በሁለቱም ወገን 68 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሁለተኛው ወገን 64 በመቶ የሚሆኑት ማንቁርታቸውን ይዘው ቆይተዋል። ከዚያ ወዲህ ኬሞቴራፒውን ከጨረሩ ጋር በአንድ ጊዜ መስጠት ተለምዷል።

ይህ ማለት ግን ማንቁርትን ማትረፍ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ካንሰሩ የማንቁርቱን አጥንት መሰል ቅርጭጭት ሰብሮ ወጥቶ ከሆነ፣ ወይም በሽተኛው ምግብና ውኃ ወደ ሳንባው እየገባ የሚያስቸግረው ከሆነ፣ በጨረር የሚተርፈው የማይሠራ ማንቁርት ነው። እንዲህ ላለው ሰው ቀዶ ሕክምናው ይመከራል። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው በአንገቱ በተከፈተ ቋሚ ቀዳዳ ሲሆን፣ በአየርና በምግብ ቧንቧው መካከል በምትገባ ትንሽ መሣሪያ ወይም አገጭ ሥር በሚያዝ የድምፅ ማውጫ ይናገራል። ገላውን ሲታጠብ ውኃ በቀዳዳው እንዳይገባ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

በየትኛውም መንገድ የታከመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየጥቂት ወራቱ ይታያል። ከሚመለሱት ካንሰሮች አብዛኞቹ የሚመለሱት በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሲሆን፣ ከጠራ በኋላ እንደገና የጎረነነ ድምፅ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቅ የሚያስመረምር ምልክት ነው።