ጥሬ እንቁላል ለምን መሾር ያቅተዋል?

ለዶሮ ወጥ የተቀቀሉ እንቁላሎች ከጥሬዎቹ ጋር ቢደባለቁ፣ ሳይሰብሩ መለየት የሚቻልበትን መላ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እንቁላሉን ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠምዝዘው ይለቁታል። ቅቅሉ ረግቶ ለረጅም ጊዜ ይሾራል። ጥሬው ግን ጥቂት ዙር ከተንገዳገደ በኋላ ይቆማል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ «ጥሬው ውስጡ ፈሳሽ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እንቁላል ሲቀቀል ክብደቱ ያን ያህል አይለወጥም፤ ቅርፊቱም ያው ቅርፊት ነው። ታዲያ ፈሳሽ መሆኑ ብቻውን ለምን ያደክመዋል?

ነገሩ የሚወሰነው ጣታችን እንቁላሉን በሚነካበት ቅጽበት ውስጥ ነው። ጠምዝዞ መልቀቅ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያ አጭር ጊዜ ጣቶቻችን የሚይዙት ቅርፊቱን ብቻ ነው፤ ውስጥ ያለው ነገር አብሮ ይዙር አይዙር የሚወስነው ቅርፊቱ ምን ያህል እንደሚጎትተው ነው። ቅቅሉ ውስጥ ነጩም አስኳሉም ረግተው ከቅርፊቱ ጋር አንድ አካል ሆነዋል፤ ቅርፊቱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል። ጥሬው ውስጥ ግን ቅርፊቱን የነካው ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ብቻ አብሮ ይነሳል፤ የቀረው ባለበት ይቆያል። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ሻይ በተሞላ ብርጭቆ ላይ አንድ የሻይ ቅጠል ያንሳፍና ብርጭቆውን በቀስታ፣ ግን ባንዴ ሩብ ዙር ይጠምዝዘው። ብርጭቆው ይዞራል፤ ቅጠሉ ግን ቀድሞ ወደነበረበት አቅጣጫ እንዳመለከተ ይቀራል።

የሚዞር አካል ሁሉ የፊዚክስ ሰዎች አንጉላር ሞመንተም የሚሉትን ነገር ይይዛል። መጠኑ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ አካሉ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ክብደቱ ከሚዞርበት መሐል ምን ያህል እንደራቀ፣ በምን ፍጥነት እንደሚዞር። ዋናው ጠባዩ ደግሞ ይህ ነው፦ ከውጭ የሚገፋው ወይም የሚይዘው ነገር እስከሌለ ድረስ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የአንድ አካል ክፍሎች እርስ በርስ ሊከፋፈሉት ይችላሉ፤ ድምሩ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም።

አሁን አንድ 60 ግራም የሚመዝን እንቁላል እንውሰድ። ከዚህ ውስጥ ቅርፊቱ 6 ግራም ገደማ ነው። ለሒሳቡ እንዲቀለን እንቁላሉን ድብልብል ኳስ አድርገን እናስበው። ቅርፊቱ ያለው ዳር ላይ ስለሆነ፣ በክብደት አንድ አሥረኛ ቢሆንም ዙረትን በመቋቋም ረገድ ከዚያ የበለጠ ድርሻ አለው። ሲሰላ የቅርፊቱ ድርሻ ከመላው እንቁላል አንድ ስድስተኛ ያህል ይሆናል። ጣታችን ሁለቱንም እንቁላሎች በሰከንድ 10 ዙር በሚሆን ፍጥነት ጠምዝዞ ለቀቃቸው እንበል። ቅቅሉ ከነሙሉ አካሉ በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል። ጥሬው ላይ ግን በዚያ ፍጥነት የሚዞረው ቅርፊቱ ብቻ ነው፤ ውስጡ ገና ቆሟል።

ከተለቀቀ በኋላ ቅርፊቱ ፈሳሹን መጎተት ይጀምራል፤ ፈሳሹም በአጸፋው ቅርፊቱን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ይህ መጓተት የሚያበቃው ሁለቱ በአንድ ፍጥነት ሲዞሩ ነው። ቅርፊቱ የያዘው አንጉላር ሞመንተም አሁን ስድስት እጥፍ እምቢተኛ ለሆነ አካል መዳረስ አለበት፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። በሰከንድ 10 ዙር የነበረው ከ2 ዙር በታች ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ጠረጴዛው ምንም ሳይዘው ነው፤ የጠረጴዛው ሰበቃ ሲጨመርበት ያቺ የቀረችው ፍጥነት ወዲያው ታልቃለች።

እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያዎች የሚዘሉት ነገር አለ። «ጥሬው እንቁላል ሽክርክሪቱን ያባክነዋል» ሲባል እንሰማለን፤ አነጋገሩ ያሳስታል። ጥሬው አንጉላር ሞመንተሙን በውስጡ አላባከነም፤ ቀድሞውንም አልተቀበለም። ጣታችን ለቅቅሉ ስድስት ሰጥቶ ለጥሬው የሰጠው አንድ ብቻ ነው። ባንድ ፍጥነት ለመጠምዘዝ ቅቅሉ ጣት ላይ ይከብዳል፣ ጥሬው ይቀላል፤ አስተውሎ የሚጠመዝዝ ሰው ልዩነቱ በጣቱ ሊታወቀው ይችላል።

በእርግጥ የባከነው ጉልበቱ ነው። አንጉላር ሞመንተም ሲከፋፈል ድምሩ ባይነካም፣ የእንቅስቃሴው ጉልበት ግን በዚያው ስሌት ከስድስት እጁ አምስቱ ፈሳሹ ከቅርፊቱና ከራሱ ጋር ሲፋተግ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ እንቁላሉን ያበስለው ይሆን ብሎ የሚሰጋ ካለ አይስጋ፤ የሚጨምረው ከአንድ ዲግሪ መቶ ሺኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ስሌቱ ጥሬውን ትንሽ እንደበደለውም መናገር ይገባል። የእንቁላል ነጭ እንደ ውሃ ቀጭን ሳይሆን የሚያዝለገልግ ነው፤ ስለዚህ በጣታችን ጥምዘዛ ጊዜ ከስስ ንጣፍ በላይ የሚሆን ፈሳሽ አብሮ ይነሳል። እውነተኛው ጥሬ እንቁላል ከወረቀቱ ትንሽ ይሻላል፤ ግን ቅቅሉ ላይ አይደርስም።

መንገዳገዱ ሌላ ምክንያት አለው። አስኳሉ በሁለት ጠምዛዛ የነጭ ገመዶች ከግራና ከቀኝ ተይዞ መሐል አካባቢ ቢንጠለጠልም አልተጣበቀም፤ እንቁላሉ ሲዞር ይዋልላል። የክብደቱ ማዕከል ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር አካል ደግሞ አንድ የመዞሪያ ዘንግ ይዞ መቆየት አይሆንለትም። ቅቅሉ ውስጥ አስኳሉ ዳር ላይ ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከዚያ ስለማይነቃነቅ ዙረቱ ይረጋል። እንዲያውም ቅቅሉን ጠንከር አድርጎ ለጠመዘዘው ተጋድሞ የነበረው እንቁላል እየዞረ ቀጥ ብሎ በጫፉ ይቆማል። ይህ ያልተፈታ ጥያቄ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ የካምብሪጁ ኪት ሞፋትና የጃፓኑ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ዩታካ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ2002 ኔቸር መጽሔት ላይ የሒሳብ ማብራሪያ አወጡለት። እንቁላሉን የሚያቆመው ከጠረጴዛው ጋር ያለው ሰበቃ መሆኑን አሳዩ። ለመቆም ግን ፍጥነት ያስፈልጋል፤ የጥሬው እንቁላል ፍጥነት ደግሞ ቀድሞ ፈሳሹ ውስጥ አልቋል።

እንግዲህ በሽክርክሪቱ ርዝመት ብቻ መፍረድ አንዳንዴ ያሳስታል። ጠረጴዛው ሻካራ ከሆነ ቅቅሉም ቶሎ ይቆማል፤ አጠማዘዛችንም ሁለት ጊዜ እኩል አይሆንም። በዚህ ላይ ከጥሬም ከበሰለም ያልሆነ፣ ነጩ ረግቶ አስኳሉ ገና የሚፈስ እንቁላል አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ እንቁላሉም በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ ለመብሰል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ በሌላ አገር የምግብ አሠራር ደቂቃ የሚቆጥር ሰው እንዲህ ያለውን ሊያወጣ ይችላል። እንደዚህ ያለው እንቁላል ከጥሬው በጣም ይሻላል፣ ከቅቅሉ ጥቂት ያንሳል፤ በዓይን ብቻ መለየቱ ይከብዳል።

የተሻለው ፈተና ማስቆም ነው። እንቁላሉ እየዞረ ሳለ በአንድ ጣት ከላይ ነካ አድርጎ ማስቆምና ወዲያው መልቀቅ። ቅቅሉ እንደቆመ ይቀራል። ጥሬው ግን ጣት ሲነሳለት ብቻውን እንደገና መዞር ይጀምራል። ጣታችን ያቆመው ቅርፊቱን ነው፤ ፈሳሹ ግን ውስጥ ለውስጥ መዞሩን ስላላቆመ ሲለቀቅ ቅርፊቱን መልሶ ይጎትተዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። ከመንካት በፊት ፈሳሹ ዙረቱን እንዲወስድ ጥቂት መጠበቅ ያሻል፤ ጣትም መቆየት የለበትም፣ ከቆየ ፈሳሹም ይቆምና ጥሬው ቅቅል ይመስላል።

የዚሁ ፈተና ሰፊ አምሳያ ፕላኔት ላይ ተሠርቷል። ሜርኩሪ ትንሽ ፕላኔት ስለሆነች ውስጧ ከጥንት ጀምሮ ቀዝቅዞ ረግቷል የሚል ግምት ነበር። ነገር ግን ማሪነር 10 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1974 በአጠገቧ ስታልፍ መግነጢሳዊ መስክ አገኘችባት፤ ይህ ደግሞ ፈሳሽ ብረት ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ነው። ሜርኩሪ ፍጹም ድብልብል አይደለችም፤ ፀሐይን የምትዞርበት መንገድም ሞላላ ነው። ስለዚህ በ88 ቀን ጉዞዋ ውስጥ የፀሐይ ስበት ሽክርክሪቷን አንዴ ትንሽ ያፈጥነዋል፣ አንዴ ትንሽ ይገታዋል። ፀሐይ እዚህ ጣት ሆናለች ማለት ነው። ፕላኔቷ እስከ እምብርቷ ጠጣር ከሆነች መላ አካሏ ስለሚከብድ የሚታየው መወላወል ትንሽ ይሆናል። እምብርቷ ፈሳሽ ከሆነ ግን የሚነቃነቀው ከላይ ያለው የድንጋይ ሽፋን ብቻ ነው፤ መወላወሉም ይጎላል።

ዣን ሉክ ማርጎና ባልደረቦቹ ከካሊፎርኒያው የጎልድስቶን ጣቢያ ወደ ሜርኩሪ የራዳር ጨረር ላኩ። የገደል ማሚቶውን እዚያው ጎልድስቶንና ዌስት ቨርጂኒያ ባለው የግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ ተቀበሉ። ማሚቶው አንዱ ጋ ደርሶ ሌላው ጋ እስኪደርስ ባለው የጊዜ ልዩነት የፕላኔቷን የሽክርክሪት ፍጥነት ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ውጤት መወላወሉ እስከ እምብርቷ ጠጣር ለሆነች ሜርኩሪ ከሚጠበቀው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ልኩ በፕላኔቷ ወገብ ላይ ከ400 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሜርኩሪም ከፈሳሽ እምብርት ፕላኔቶች ወገን ተቆጠረች።