2 ናት ወይስ z? በእጅ የተጻፈን ሒሳብ በዐውዱ ማንበብ

በእጅ በተጻፈ የሒሳብ ገጽ ላይ አንባቢን ከሚያቆሙት ነገሮች አንዷ ከ x በስተቀኝ ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ምልክት ናት። 2 ናት ካልን x በራሱ ተባዝቷል፤ ተማሪዎች «ኤክስ ስኩዌር» ይሉታል፣ ምልክቷም አርቢ ትባላለች። z ናት ካልን ግን x የተባዛው ከሌላ ተለዋዋጭ ጋር ነው፤ ገጹ ላይ ሁለተኛ የማይታወቅ መጠን አለ ማለት ነው። በችኮላ ሲጻፉ ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ከላይ ይጀምሩና ወደ ግራ ወርደው በአግድም ጭረት ያልቃሉ። መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ደግሞ የብዙ ሰው ጽሕፈት ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ሽቅብ ያዘነብላል። ስለዚህ ከ x ጎን እኩል መቀመጥ የነበረባት z ጸሐፊው ሳያስበው ከፍ ትላለች።

ይህ ችግር በእኛ ትምህርት ቤቶች በደንብ ይታወቃል። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ከሰሌዳ የሚገለብጠው በላቲን ፊደል የተጻፈ ቀመር ነው። ያ ደብተር ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ለታናናሾች ይተላለፋል፣ አለዚያም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ከጓደኛ ለጓደኛ ይላካል። በየቅጂው የምልክቶቹ ጠርዝ ይደበዝዛል። በመጨረሻ ደብተሩ እጁ የገባው ልጅ የሰሌዳውንም ሆነ የመምህሩን ድምፅ አላገኘም፤ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ግን ብዙ ይናገራል። ምልክቷን ብቻዋን አፍጥጦ ማየት ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ ያለው ከእርሷ በላይና በታች ባሉት መስመሮች ውስጥ ነው። አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ጥያቄው የታወቀ ነው፦ 80 ሜትር የአጥር ሽቦ አለ፤ በዚህ ሽቦ የሚታጠር ባለ አራት ማዕዘን የጓሮ አትክልት ቦታ ትልቁ ስፋቱ ስንት ነው? ተማሪው ርዝመቱን x፣ ወርዱን z ብሎ ሠርቷል። አጠራጣሪዋን ምልክት በጥያቄ ምልክት ተክተን ገጹን ስንገለብጠው ይህን ይመስላል፦

```
1)  2x + 2z = 80
2)  z = 40 − x
3)  A = x?
4)  A = 40x − x?
5)  A′ = 40 − 2x
6)  x = 20,  A = 400
```

ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ላይ ያሉት ምልክቶች በመልክ አንድ ናቸው እንበል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አንዷ ምን እንደሆነች ካወቅሁ ሌላዋም ያችው ናት» ብሎ ይደመድማል። ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አንድ እጅ የጻፋቸው ሁለት ተመሳሳይ ጭረቶች አንዱ ፊደል፣ ሌላው ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉና እያንዳንዷ ለብቻዋ መመርመር አለባት።

ከሦስተኛው መስመር እንጀምር። A የአራት ማዕዘኑ ስፋት ነው፤ ስፋት ደግሞ ርዝመት ሲባዛ በወርድ ነው። ርዝመቱ x፣ ወርዱ z መሆናቸውን የመጀመሪያው መስመር ነግሮናል። ምልክቷን 2 ብለን ብናነብ ቦታው ገና ከመነሻው አራቱም ጎኖቹ እኩል ናቸው ማለት ይሆናል፤ ጥያቄው ግን እንዲህ አላለም። ከዚያም በላይ ተማሪው በሁለተኛው መስመር z ን ለብቻዋ አውጥቶ አስቀምጧታል። ሰው አንድን ተለዋዋጭ ለብቻው የሚያወጣው ቀጥሎ የሆነ ቦታ ሊተካው ነው። የሚተካበት ቦታ ሦስተኛው መስመር ነው፤ እዚያ z ከሌለች ሁለተኛው መስመር ያለ ሥራ ይቀራል። ስለዚህ ሦስተኛው መስመር A = xz ነው።

አራተኛው መስመር በ z ፋንታ 40 − x ተተክቶ የተገኘ ነው። x(40 − x) ሲበተን 40x − x² ይሆናል። መተካት ማለት z ን ከቀመሩ ማስወጣት ነው፤ ከተተካች በኋላ ደግማ ብቅ የምትልበት ምክንያት የለም። እዚህ ምልክቷ 2 ናት። አምስተኛው መስመርም ይህንኑ ይመሰክራል። A′ የሚለው ዲሪቬቲቭ ነው፤ x ሲለወጥ ስፋቱ በምን ያህል እንደሚለወጥ ይነግረናል። የ x² ዲሪቬቲቭ 2x ነው፤ አርቢዋ ወርዳ ከፊት ትቆማለች። በ 40 − 2x ውስጥ የምናያት 2 የመጣችው ከዚያች ትንሽ ምልክት ነው። ምልክቷ z ብትሆንና ተማሪው z ን እንደ ቋሚ ቁጥር ቢይዛት ኖሮ አምስተኛው መስመር 40 − z ሆኖ በተገኘ ነበር።

በቁጥር መፈተሽም ይቻላል፤ ቁጥሩ ግን በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። አንባቢ ብዙ ጊዜ ለመፈተሻ የሚወስደው የመጨረሻውን መልስ ነው፤ እዚህ x = 20 ማለት ነው። በዚህ መልስ z ም 20 ስለሆነች x² እና xz ሁለቱም 400 ይሆናሉ። የትኛውንም ንባብ ብንይዝ ሦስተኛውም አራተኛውም መስመር 400 ይሰጣል፤ ፈተናው ምንም አልለየም። በምትኩ x = 10 እንውሰድ። በሁለተኛው መስመር መሠረት z 30 ናት፤ እውነተኛው ስፋት 300 ካሬ ሜትር ነው። ሦስተኛው መስመር በ xz ንባብ 300 ይሰጣል፣ በ x² ንባብ ግን 100። አራተኛው መስመር ደግሞ በ x² ንባብ 400 − 100 ማለትም 300 ሲሰጥ፣ በ xz ንባብ 400 − 300 ማለትም 100 ይሰጣል። አሁን ሁለቱም መስመሮች ተለይተዋል፣ መልሱም በምክንያት ከደረስንበት ጋር ይስማማል። በተመሳሳይ ምክንያት 2 ን ራሱን ለመፈተሻ መውሰድ አይበጅም፤ 2² እና 2 × 2 ሁለቱም 4 ናቸውና። በ 3 ብንፈትሽ ግን አንዱ 9፣ ሌላው 6 ይሆናል።

ፊዚክስ የተማሩ ሰዎች ቀድመው የሚያስቡት አሃድን ነው፤ ትክክልም ናቸው። የተጓዘው ርቀት ½at² ይሁን ወይስ ½at ብለን ብንጠራጠር፣ a በሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ t በሰከንድ ስለሆኑ ሜትር የሚሰጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው። በአጥሩ ምሳሌ ግን አሃድ አይረዳንም። x ም z ም ሜትር ስለሆኑ x² ም xz ም ካሬ ሜትር ናቸው። አሃድ የሚለየው ሁለቱ ንባቦች የተለያየ አሃድ ሲኖራቸው ብቻ ነው።

እስካሁን የጠየቅነው ምልክቷ የትኛዋ ናት የሚለውን ነው። ቁጥር መሆኗ ከታወቀ ቦታዋ ብዙ አያጨቃጭቅም፤ በሒሳብ ልማድ ቁጥር ከፊደል በፊት ይጻፋል፤ የ x እጥፍ 2x እንጂ x2 ተብሎ አይጻፍም። ስለዚህ ከ x በኋላ የመጣች 2፣ ዝቅ ብላ እንኳ ብትጻፍ፣ አርቢ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። ምልክቷ ፊደል ስትሆን ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይነሣል፤ xn እና xⁿ በፊደል አንድ ሆነው በቦታ ብቻ ይለያያሉ። እዚህም ጎረቤቶቿን እንጠይቃለን። ከፊቷ x፣ x²፣ x³ ተብሎ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ከሆነ የተከታታዩ መጨረሻ xⁿ ነው። በቀጣዩ መስመር n − 1 የሚል ብቅ ካለም አርቢዋ በዲሪቬቲቭ አንድ ቀንሳለች ማለት ነው፤ የ xn ዲሪቬቲቭ ግን n ብቻ ነው። አሃድም እዚህ ትልቅ ፍርድ ይሰጣል። አርቢ አሃድ የሌለው ቁጥር መሆን ስላለበት፣ ከጎን ያለችው ፊደል ሜትርን ወይም ኪሎግራምን የምትወክል ከሆነ ብቻዋን ከላይ ልትቀመጥ አትችልም፤ ብዜት ናት።

የእጅ ጽሕፈቱን ንቀን እንለፈው አልልም። በገጹ ላይ ጥርጥር የሌለባቸው 2 እና z አሉ፤ በመጀመሪያው መስመር 2x ውስጥ ያለችው 2 ቁጥር ብቻ ልትሆን ትችላለች፣ በሁለተኛው መስመር መነሻ ላይ ያለችው z ደግሞ ፊደል ብቻ። አጠራጣሪዋን ከእነዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። መጠኗም እንዲሁ፤ ተባዥ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ከ x ጋር እኩል ይገዝፋል፣ አርቢ ግን ያንሳል። ይሁን እንጂ መልክ አንድ ነገር ሲል ቀጣዩ መስመር ሌላ ቢል፣ እኔ የማምነው ቀጣዩን መስመር ነው።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ዐውድ በቀጥታ የሚነግረን መጻፍ የነበረበትን ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። በአራተኛው መስመር x² ጽፎ፣ ቀጥሎ የገዛ ጽሕፈቱን z ብሎ አንብቦ 40 − z ያለ ተማሪ ሊኖር ይችላል። የዚህ ተማሪ ስሕተት የት እንደ ጀመረ የሚታወቀው የላይኛውን መስመር ከላይ ወደ ታች፣ የታችኛውን ከታች ወደ ላይ አንብቦ ሁለቱ የማይገናኙበትን ቦታ በማግኘት ነው። ገጹ ተቀዶ ቀጣዩ መስመር ከሌለ ደግሞ አንዱን መርጦ ከመጻፍ ሁለቱንም ንባብ በኅዳጉ ማስፈር ይሻላል።

ይህ ችግር በታሪክም የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ሹኬ በ1484 በእጅ በጻፈው የሒሳብ መጽሐፍ ያልታወቀውን መጠን በፊደል አልወከለውም፤ ዛሬ 12x² የምንለውን 12² ብሎ ነበር የሚጽፈው። ያን ገጽ በዛሬ ዐይን የሚያነብ ሰው 144 ይለዋል። አርቢን ዛሬ በምናውቀው መልክ ከፊደል ትከሻ ላይ ያስቀመጠው ሬኔ ዴካርት ነው፤ በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ ሥራው። እርሱም ቢሆን ስኩዌርን ብዙ ጊዜ ፊደሉን ደግሞ aa ብሎ ይጽፍ ነበር። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1801 ባወጣው ታላቅ የቁጥር መጽሐፉም xx ብሎ ነው የጻፈው።

ደብተራችሁ በሌላ ሰው እጅ እንደሚገባ የምታውቁ ተማሪዎችና መምህራን፣ z ን ከመካከሏ በአጭር ጭረት አቋርጧት፤ በሁለት ተለዋዋጮች መካከል ነጥብ አድርጉ፤ አርቢን ከ x ወገብ በላይ ጀምራችሁ አሳንሳችሁ ጻፉ። የፈተና ወረቀት የምታርሙ ደግሞ፣ በአጠራጣሪዋ ምልክት ላይ በቀይ ከመሰረዛችሁ በፊት ቀጣዩን መስመር አንብቡ።